አንዱ በር ሲታረም ሃያውም የሚታረምበት መንገድ

አንድ የመኖሪያ ሕንፃ እናስብ። ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ አለው፤ በየወለሉ አራት አራት ቤት ይዟል። እያንዳንዱ ቤት አምስት በር አለው። ዋናው መግቢያ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሁለቱ መኝታ ቤቶችና የወጥ ቤቱ በሮች 80፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ደግሞ 70 ሳንቲ ሜትር ናቸው። በጠቅላላው ሕንፃው 100 በር አለው ማለት ነው። አምስቱም ወለሎች በአንድ የአውቶካድ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ተሥለው ፕላኑ ለአሠሪው ቀረበ። አሠሪው ሁሉንም አይቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «የመታጠቢያ ቤቱ በር ጠቧል፤ 80 ይሁንልኝ።»

ሲሰሙት ቀላል ጥያቄ ነው። ፕላኑ ላይ ሲኬድ ግን 20 በር ነው። አንድ በር በፕላን ላይ መዝጊያውን በሚያሳይ ቀጭን አራት ማዕዘን፣ አከፋፈቱን በሚያሳይ ሩብ ክብ ቅስት፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ቴላዮውን በሚያሳዩ ሁለት ትንንሽ ምልክቶች ይወከላል። እነዚህ እንደ ተራ መስመር ተሥለው ከሆነ ድራፍትማኑ ከምድር ቤቱ ተነስቶ እስከ አራተኛው ፎቅ እየዞረ አንድ በአንድ ማረም አለበት። ሥራው ማሰልቸቱ አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ጣጣ ግን ከሃያው አንዱ ሊዘለል መቻሉ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር በ70 ይቀራል፤ የበሮቹ ሠንጠረዥ 80 ይላል። ግንበኛው ፕላኑን አይቶ ክፍተቱን ይተዋል፤ አናጺው ሠንጠረዡን አይቶ በሩን ይሠራል፤ ስህተቱ የሚታወቀው በሩ ተጭኖ መጥቶ አልገባ ሲል ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው አሠራር ብሎክ ይባላል። አውቶካድ የሚጠቀሙ ብዙ ቢሮዎች ብሎክ ያውቃሉ። ከበይነ መረብ የወረደ የአልጋ፣ የሶፋ፣ የመኪናና የዛፍ ብሎክ የሌለበት ኮምፒውተር ማግኘት ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ግን ብሎክ የሚያገለግለው ቶሎ ለመሣል ብቻ ነው። ትልቁ ጥቅሙ፣ ማለትም ከተሣለ በኋላ ለማረም የሚሰጠው አቅም፣ ሳይነካ ይቀራል።

ብሎክ ሲፈጠር አውቶካድ ፋይሉ ውስጥ አንድ ዋና ሥዕል በስም ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ፕላኑ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ በር በራሱ መስመርም ቅስትም አልያዘም። የያዘው «እዚህ ነጥብ ላይ፣ በዚህ መጠን፣ በዚህ አቅጣጫ ዞሮ፣ ዋናው ይታይ» የሚል መረጃ ነው። ሃያ በር ማለት አንድ ሥዕልና ወደ እሱ የሚያመለክቱ ሃያ መረጃዎች ናቸው። ዋናው ሲታረም ሃያዎቹ አብረው የሚታረሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ድሮም ቢሆን የሚያሳዩት እሱን ነውና። ፋይሉም በዚያው ልክ ይቀልላል።

ሐሳቡ ከአውቶካድ ይቀድማል። አይቫን ሰዘርላንድ የተባለው ተመራማሪ በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤምአይቲ ለዶክትሬት ባቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም ላይ አንድ ዋና ሥዕል አዘጋጅቶ ብዙ ቦታ ማስቀመጥ፣ ዋናውን ሲያርሙ ደግሞ የተቀመጡት ሁሉ ሲታረሙ ማየት ይቻል ነበር። አውቶካድ በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ በተራ የግል ኮምፒውተር የመንደፍን ሥራ ወደየቢሮው አስገባ። ዳይናሚክ ብሎክ የሚባለው፣ አንዱ ብሎክ እንደየቦታው ስፋቱን ወይም አቅጣጫውን እንዲቀይር የሚያደርገው አሠራር የመጣው ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ከአውቶካድ 2006 ጋር ነው።

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር እንመለስ። ብሎኩ ከመፈጠሩ በፊት የሚወሰኑ ሦስት ነገሮች አሉ። በኋላ የሚመጣው ችግር አብዛኛው ከእነዚህ ከአንዱ ይነሳል።

የመጀመሪያው ሌየር ነው። የበሩ መስመሮች በሙሉ 0 በሚባለው ሌየር ላይ፣ ቀለማቸውና የመስመር ዓይነታቸው ByLayer ሆኖ መሣል አለባቸው። እንዲህ የተሣለ ብሎክ የሚቀመጥበትን ሌየር ጠባይ ይወስዳል። የበር ሌየር ላይ ሲቀመጥ የበሩን ቀለም ይይዛል፤ የሚፈርስ በር በሚታይበት ሌየር ላይ ሲቀመጥ የዚያን ቀለም ይይዛል። መስመሮቹ በተወሰነ ቀለም ተሥለው ከሆነ ግን የትኛውም ሌየር ላይ ቢቀመጥ ቀለሙን አይለቅም፤ በሚታተምበት ጊዜም የመስመሩ ውፍረት ከሌላው ፕላን ጋር አይገጥምም።

ሁለተኛው መነሻ ነጥብ ነው። በሩ ፕላኑ ላይ ሲቀመጥ የሚያዘው በዚህ ነጥብ ነው። ለበር የሚመረጠው ማጠፊያው ያለበት የክፍተቱ ጠርዝ ነው፤ ከግድግዳው ጠርዝ ጋር በቀጥታ ይገጥማልና። ከበይነ መረብ የሚወርዱ ብዙ ብሎኮች መነሻ ነጥባቸው ከሥዕሉ ርቆ ይገኛል። በሩ ሲገባ ከመዳፊቱ በብዙ ሜትር ርቆ የሚታየው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው መለኪያ ነው። አንዱ ፋይል በሜትር፣ ሌላው በሚሊ ሜትር ከተሣለ፣ በ700 ሚሊ ሜትር የተሣለው በር ሜትር በሆነው ፋይል ውስጥ 700 ሜትር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። UNITS በሚለው ትዕዛዝ ሁለቱም ፋይሎች ላይ መለኪያው በትክክል ከተመዘገበ አውቶካድ ራሱ አመጣጥኖ ያስገባዋል። ያልተመዘገበ ከሆነ ግን የሚገምተው በነባር ቅንብሩ ነው። አንድ ብሎክ አስገብቶ ምንም ያልታየው ሰው ብሎኩ የለም ከማለቱ በፊት ይህን ቢያይ ጥሩ ነው፤ ወይ እጅግ ገዝፎ ከስክሪኑ ወጥቷል፣ ወይ እንደ ነጥብ ኮስሷል።

እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ BLOCK የሚለው ትዕዛዝ ይሰጣል፤ መስመሮቹ ይመረጣሉ፣ መነሻ ነጥቡ ይጠቆማል፣ ስም ይሰጣል። በእኛ ሕንፃ ዋናው መግቢያ D1፣ የመኝታ ቤቶቹና የወጥ ቤቱ D2፣ የመታጠቢያ ቤቱ D3 ይባል። በዚያው መስኮት ላይ Allow exploding የሚል ምርጫ አለ፤ ምልክቱን ማንሳት ብልህነት ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

አሠሪው «80 ይሁን» ሲል የሚሠራው ይህ ነው። BEDIT ተብሎ ይጻፋል፣ D3 ይመረጣል፣ የብሎክ ማረሚያው ይከፈታል። ማጠፊያው ያለበት ጠርዝ አይነካም፤ የወዲያኛው ቴላዮ 10 ሳንቲ ሜትር ይገፋል። መዝጊያው በSTRETCH ከ70 ወደ 80 ይረዝማል። ቅስቱ ማጠፊያውን ማዕከል አድርጎ ራዲየሱ 80 ይሆናል። መዝጊያውን በSCALE ማሳደግ የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን SCALE ርዝመቱን ብቻ ሳይሆን ውፍረቱንም ያሳድጋል፤ 4 ሳንቲ ሜትር የነበረው መዝጊያ 4.57 ይሆናል። ከዚያ BSAVE፣ ቀጥሎ BCLOSE። ወደ ፕላኑ ሲመለሱ በአምስቱም ወለል ያሉት ሃያዎቹ በሮች 80 ሆነው ይጠብቃሉ።

እስካሁን ያየነው ተራውን ብሎክ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ለሆኑ ነገሮች ይህ ይበቃል። ግን ሃያዎቹ የመታጠቢያ ቤት በሮች ስፋታቸው አንድ ቢሆንም አከፋፈታቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ ወደ ግራ ይከፈታል፣ ሌላው ወደ ቀኝ። መስኮቶቹም አሠራራቸው አንድ ሆኖ ስፋታቸው ይለያያል። ለዚህ ሲባል ለግራ አንድ፣ ለቀኝ አንድ፣ ለ1.20 አንድ፣ ለ1.50 ሌላ እየተባለ ብሎክ ቢፈለፈል የብሎኩ ዝርዝር ይበዛና መልሶ አደናጋሪ ይሆናል። ዳይናሚክ ብሎክ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት መስኮት ይቀላል። 1.20 ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር የግድግዳ ውፍረት ያለው አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ መስታወቱን የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች ይሣላሉ። ብሎክ ከሆነ በኋላ በBEDIT ይከፈትና ሁለት ነገር ይጨመርለታል፤ ፓራሜትርና አክሽን። ፓራሜትር የሚለካው ነገር ነው፤ እዚህ ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ያለው ስፋት ነው። አክሽን ደግሞ ልኩ ሲቀየር የሚሆነው ነገር ነው፤ እዚህ መለጠጥ፣ ማለትም Stretch ነው። ፓራሜትሩ ብቻውን ከቆመ አጠገቡ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይታያል፤ «ልክ አለኝ፣ የሚሠራ ግን የለኝም» ማለቱ ነው።

የStretch አክሽን ሲጨመር አውቶካድ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ የትኛው ነጥብ ሲሳብ፣ በየትኛው ክልል ውስጥ፣ የትኞቹ መስመሮች ይለጠጡ። ጀማሪ የሚሳሳተው ክልሉ ላይ ነው። ክልሉ የመስኮቱን ቀኝ ጫፍ ብቻ አቋርጦ ማለፍ አለበት። መስኮቱን በሙሉ ከዋጠው መስኮቱ መለጠጡን ትቶ እንዳለ ወደ ጎን ይሄዳል። መስታወቱን የሚያሳዩት መስመሮች ሳይመረጡ ከቀሩ ደግሞ ቴላዮው ይሰፋል፣ መስታወቱ በቦታው ይቀራል። ሁለቱም BTESTBLOCK በሚለው ትዕዛዝ ከማረሚያው ሳይወጡ ተሞክረው ይታያሉ።

መለጠጡ ልቅ እንዳይሆንም ይደረጋል። የፓራሜትሩ Properties ላይ Dist type የሚለውን List አድርጎ 1.20፣ 1.50 እና 1.80 ብቻ ማስገባት ይቻላል። ከዚያ በኋላ መስኮቱን የሚስብ ሰው ከእነዚህ ሦስቱ ውጭ ማቆም አይችልም። ፕላን ላይ 1.47 ሜትር የሆነ መስኮት የሚፈጠረው በእጅ ስለሚሳብ ነው፤ ዝርዝሩ ይህን በር ይዘጋል። የአልሙኒየም ሠራተኛውም ሦስት ልክ ብቻ ይዞ ይቆርጣል።

ለበር የሚያስፈልገው ፓራሜትር Flip ይባላል። አንድ የማንጸባረቂያ መስመር ይሰመራል፤ ከዚያ ፕላኑ ላይ በሩ ሲመረጥ ትንሽ ቀስት ትታያለች፤ ሲነኳት በሩ ይገለበጣል። ሁለት Flip ሲኖር፣ አንዱ ለግራና ቀኝ፣ ሌላው ለውስጥና ውጭ፣ አራቱም አከፋፈት ከአንድ ብሎክ ይገኛል። የግራና ቀኙ መስመር የሚያልፈው በክፍተቱ እኩሌታ ላይ ነው፤ በ70 ሳንቲ ሜትሩ በር በ35 ላይ ማለት ነው።

በሩ ወደ 80 ሲያድግ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን መስመር ነው። ቴላዮው ተገፍቶ፣ መዝጊያው ረዝሞ፣ መስመሩ ግን በ35 ላይ ከቀረ፣ ያልተገለበጡት በሮች ከ0 እስከ 80 ባለው ክፍተት ላይ ይቀመጣሉ፤ የተገለበጡት ግን ከ0 በፊት 10 ሳንቲ ሜትር ወደኋላ ወጥተው 70 ላይ ያበቃሉ። ቀስቷ በተነካች ቁጥር በሩ ከክፍተቱ በ10 ሳንቲ ሜትር ይንሸራተታል። መድኃኒቱ በዚያው እርማት ወቅት መስመሩን ወደ 40 መውሰድ ነው። ከሃያው በር ግማሹ ደህና ሆኖ ግማሹ ግድግዳ ውስጥ የገባ ከመሰለ መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ስፋትን በፓራሜትር መለወጥ ከተቻለ፣ ለምን D1፣ D2 እና D3 የሚባሉ ሦስት ብሎኮች ያስፈልጋሉ? አንድ በር ተሠርቶ 70፣ 80፣ 90 የሚል ዝርዝር አይሰጠውም? ይቻላል፤ ብዙዎችም እንዲህ ያደርጋሉ። ውጤቱ ግን ይለያል። ስፋቱ ፓራሜትር ሲሆን ልኩ የሚመዘገበው በእያንዳንዱ በር ላይ ነው፤ ዋናው ብሎክ «የመታጠቢያ ቤት በር» የሚባል ነገር አያውቅም። አሠሪው «የመታጠቢያ ቤቱ ይስፋ» ሲል ዋናውን ማረም አይረዳም፤ ከ100 በር ውስጥ ሃያዎቹን መርጦ Properties ላይ ልካቸውን መቀየር ያስፈልጋል። መምረጡ ላይ አንዱ ከተዘለለ ደግሞ ወደ ጀመርንበት ችግር ተመለስን።

ስለዚህ ብሎክ ከመሠራቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ይህ ነገር ወደፊት ሲለወጥ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይለወጣል ወይስ ለአንዱ ብቻ? ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚለወጠው ዋናው ብሎክ ውስጥ ይቀመጣል፤ እንደየቦታው የሚለያየው ፓራሜትር ይሆናል። የመታጠቢያ ቤት በር ስፋት አንድ ውሳኔ ነው፤ ሃያውን በር አንድ ላይ ይመለከታል፤ ስለዚህ የD3 አካል ነው። አከፋፈቱ ግን የየክፍሉ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ Flip ነው። መስኮት ላይ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል፤ አንድ ዓይነት አሠራር ያለው መስኮት እንደ ክፍሉ ስፋት የሚመረጥ ከሆነ ስፋቱ ፓራሜትር ቢሆን ይሻላል።

የቤት ዕቃ ላይ ፓራሜትሩ ይበዛል፤ ዕቃ ፕላን ላይ የሚቀመጠው ክፍሉ ይበቃ እንደሆነ ለማየት ነውና። አልጋ Visibility በሚባለው ፓራሜትር ሁለት መልክ ይሰጠዋል፤ 90 ሳንቲ ሜትር የአንድ ሰው አልጋ እና 1.60 የሁለት ሰው አልጋ። አንዱ ሲመረጥ ሌላው ይደበቃል። ቁም ሳጥን በአንድ መዝጊያ ልክ፣ በ50 ሳንቲ ሜትር እየጨመረ እንዲለጠጥ ይደረጋል። ለዚህ Dist type የሚለው Increment ይሆናል። የምግብ ጠረጴዛ ሲረዝም ወንበሮቹ በ60 ሳንቲ ሜትር ልዩነት እንዲባዙ Array የሚባል አክሽን አለ፤ ባለ አራት ሰው ጠረጴዛ ተስቦ ባለ ስድስት፣ ባለ ስምንት ይሆናል። አሠሪው «ሳሎኑ ብፌና ባለ ስምንት ጠረጴዛ ይይዝልኛል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ እዚያው ፊቱ ጠረጴዛውን በመሳብ ይታያል።

ነገር ግን መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ዳይናሚክ ብሎክ ከነባር መልኩ በተለየ ቁጥር አውቶካድ ለዚያ መልክ ስም አልባ ብሎክ ከበስተጀርባ ይፈጥራል። ሃምሳ የሶፋ መልክ በአንድ ብሎክ ውስጥ የታጨቀበት ፋይል እየከበደ የሚሄደው ለዚህም ጭምር ነው። ሌሎች የንድፍ ፕሮግራሞች ላይ ሲከፈትም ሥዕሉ ይታይ ይሆናል እንጂ የሚሳቡት ቀስቶች ሁልጊዜ አይሠሩም።

ብሎክ የማይሠራው ነገርም አለ፤ ትልቁ ግድግዳ ነው። በተራው አውቶካድ በር ሲሰፋ ግድግዳው አብሮ አይከፈትም። D3 80 ሲሆን ቅስቱና ቴላዮው ይሰፋሉ፤ በ70 የተቆረጡት የግድግዳ መስመሮች ግን ባሉበት ይቆማሉ፤ የወዲያኛው ቴላዮ ግድግዳው ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ተደርቦ ይታያል። ሬቪትና አውቶካድ አርክቴክቸር በርን ከግድግዳ ጋር ስለሚያያይዙ ይህ ችግር የለባቸውም። በተራው አውቶካድ ግን መፍትሔው አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ነው፤ ቤቱን በሙሉ፣ ከነግድግዳው፣ ብሎክ ማድረግ። በአንድ ወለል ያሉት አራት ቤቶች ተገላብጠው የተቀመጡ አንድ ዓይነት ቤቶች ከሆኑ፣ ግድግዳውም የሚቆረጠው በዚያ በአንዱ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ነው፤ ውስጡ ያለው D3 ደግሞ ዋናው ሲታረም ይታረማል። ዋጋው ግን አለው፤ ብሎክ ውስጥ የገባ ዳይናሚክ ብሎክ ከውጭ ሲነካ ቀስቱ አይታይም። አከፋፈቱን ለመለወጥ የውጭውን ብሎክ መክፈት ግድ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሰው ሠራሽ ነው። አንድ በር አልመች ሲል EXPLODE የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥቶ መበተን ይቀናል። የተበተነ በር መልኩ እንደ በፊቱ ይመስላል፤ ከዋናው ጋር ያለው ትስስር ግን ተቆርጧል። D3 ሲታረም እሱ በ70 ይቀራል። ብሎኩ ሲፈጠር Allow exploding የሚለውን ማንሳት የሚያስፈልገው ይህን ለመከላከል ነው።

የተበተነ በር መኖሩ በቁጥር ይታወቃል። ከአውቶካድ 2022 ጀምሮ COUNT የሚባል ትዕዛዝ ብሎኮችን በየስማቸው ይቆጥራል። በእኛ ሕንፃ D3 ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ 20 ማለት ሲገባው 17 ካለ፣ ሦስቱ ተበትነዋል ወይም ከመጀመሪያውም ብሎክ አልነበሩም። የት እንዳሉ ለማግኘት አንዱን D3 መርጦ SELECTSIMILAR ሲባል አስራ ሰባቱ አንድ ላይ ይመረጣሉ፤ ቀጥሎ HIDEOBJECTS ሲባል እነሱ ይደበቃሉ፤ ሳይደበቁ የቀሩት የመታጠቢያ ቤት በሮች የሚፈለጉት ሦስቱ ናቸው። ሌላም ምልክት አላቸው፤ 0 ሌየር ላይ የተሣለ ብሎክ ሲበተን መስመሮቹ ወደ 0 ሌየር ስለሚመለሱ ቀለማቸው ከሌሎቹ በሮች ይለያል። መስመሮቹ ተሰርዘው በቦታቸው D3 ከተቀመጠ በኋላ በUNISOLATEOBJECTS ሁሉም ይመለሳል፤ COUNT እንደገና ሲጠየቅ 20 ይላል።

ሦስተኛው ችግር ድምፅ የለውም። እርማቱ የሚደርሰው በአንድ ፋይል ውስጥ ላሉት ብቻ ነው። D3 በአርክቴክቱ ፋይል ውስጥ 80 ሆነ ማለት የኤሌክትሪክ ባለሙያው በያዘው ፋይል ውስጥም ሆነ ማለት አይደለም። አንዳንዱ የታረመውን በር ኮፒ አድርጎ ወደዚያኛው ፋይል ፔስት ያደርግና «አልሠራም» ይላል። አውቶካድ ሥራውን ሠርቷል፤ በተቀባዩ ፋይል ውስጥ D3 የሚባል ብሎክ ካለ የነባሩ ያሸንፋል፤ አዲሱ በር ፔስት ሲደረግ የድሮውን መልክ ይዞ ይቀመጣል። ትዕዛዝ በሚጻፍበት ቦታ ላይ አጭር መልእክት ብቻ ይታያል፤ Duplicate definition of block D3 ignored። ይህን መስመር የሚያነብ ጥቂት ነው።

ትክክለኛው መንገድ የታረመውን ዋና በር በWBLOCK ራሱን የቻለ ፋይል አድርጎ ቢሮው በጋራ በሚጠቀምበት ፎልደር ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በሌላው ፋይል ውስጥ ስሙን ከፋይሉ ጋር አያይዞ መጥራት፦

```
-INSERT
D3=C:\LIB\D3.dwg
```

አውቶካድ D3 ቀድሞ እንዳለ ገልጾ ይቀየር እንደሆነ ይጠይቃል፤ አዎ ሲባል በዚያ ፋይል ያሉት D3 ሁሉ የአዲሱን መልክ ይይዛሉ። የት ይቀመጥ ብሎ ሲጠይቅ Esc መጫን ይበቃል፤ የተፈለገው አዲስ በር ማስቀመጥ ሳይሆን ያሉትን ማደስ ነው። በሩ ላይ እንደ መለያ ቁጥር ያለ አትሪቢዩት ተጨምሮ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የተቀመጡት በሮች ላይ እንዲታይ ATTSYNC የሚለው ትዕዛዝ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ሥዕሉ ይታደስና ጽሑፉ የድሮው ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚያመለክተው ስም አሰጣጥ ላይ መስማማት እንደሚያስፈልግ ነው። አንዱ ፕሮጀክት ላይ D3 የመታጠቢያ ቤት በር፣ ሌላው ላይ D3 የመጋዘን በር ከሆነ፣ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው የተወሰደ ፕላን በሩን ሳያስጠነቅቅ ይለውጣል። ቢሮዎች ስሙን ረዘም አድርገው የፕሮጀክቱን መለያ ወይም የበሩን ዓይነት ቢያስገቡበት ይህ ይቀራል።

አንድ ቢሮ ይህን አሠራር ለመጀመር መቶ ብሎክ ማዘጋጀት አይጠበቅበትም። በእጁ ባለው ፕሮጀክት ላይ በሮቹን ብቻ በየዓይነታቸው ብሎክ ያድርግ፤ ለእያንዳንዱ Flip ይጨምርለት፤ መበተንን ይከልክል። ከዚያ ፕላኑ ለአሠሪ ወይም ለግንባታ ከመውጣቱ በፊት COUNT ብሎ ቁጥሩን ከበሮቹ ሠንጠረዥ ጋር ያመሳክር። ሁለቱ ካልገጠሙ ፕላኑ ገና አላለቀም።